ንግግርን በተወሰነ ጊዜ ልክ ስለ ማሳጠር

ይህን ትምህርት የሚጽፈው ሰው በአንድ የገጠር ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዝ ነበር። የሚናገሩት ሰዎች ብዙዎች ስለ ነበሩ ለእያንዳንዱ የተፈቀደው ጊዜ 3 ደቂቃ ብቻ ነበር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ስለ መንደሩ የእንጨት ድልድይ ሊናገሩ ተነሡ። ንግግራቸው ያማረ ነበር፤ ሰላምታቸውን ሰጡ፤ ድልድዩ በማን ዘመን እንደ ተሠራ ተረኩ፤ የደከሙትንም ሰዎች በየስማቸው አመሰገኑ። ከዚህ በኋላ «አሁንም የምለምናችሁ» ብለው ሲጀምሩ ሊቀ መንበሩ ደወሉን መታ። ሽማግሌውም ሕግ አክባሪ ስለ ነበሩ ተቀመጡ። በቃለ ጉባኤው መዝገብ የተጻፈው «ስለ ድልድዩ ንግግር ተደረገ» የሚል ብቻ ነው። የሥራው ቀን አልተነገረም፤ የሚመጣውም ሰው ቍጥር አልታወቀም። በዚያው ክረምት ጎርፉ ድልድዩን ወሰደው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትም ልጆች ውሃው እስኪጐድል ድረስ ከትምህርት ቤት ቀሩ።

ሽማግሌው የጐደላቸው የንግግር ችሎታ አልነበረም። የጐደላቸው የያዙት ንግግር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከቤታቸው ሳይወጡ ማወቅ ነበር። ይህም የሚታወቀው ቃልን በመቍጠር ነው። ከዚህ ቀጥሎ ቃል እንዴት እንደሚቈጠር፤ ቍጥሩም ወደ ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ፤ የተረፈውም ንግግር በምን ሥርዓት እንደሚቈረጥ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን።

1ኛ፤ የራስን የንግግር ልክ ስለ ማወቅ

በባሕር ማዶ ቋንቋ የተጻፉ አንዳንድ መጻሕፍት ተናጋሪ በአንድ ደቂቃ ከ130 እስከ 150 ቃል ይናገራል ይላሉ። ይህ ለእንግሊዝኛ የተነገረ ልክ ስለ ሆነ ለአማርኛ አይሆንም። በእኛ ቋንቋ አንዱ ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። «አልነገርኋችሁም» የሚለው አንድ ቃል ሲሆን፤ የተናገረውን ሰው፤ የተነገራቸውን ሰዎች፤ ድርጊቱንና አለመደረጉን ሁሉ ይዟል። ሌላው ቋንቋ ይህንኑ ለመናገር አራት ወይም አምስት ቃል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልኩን ከሌላ አገር መዋስ አይገባም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ልክ በራሱ አፍ ይለካ።

አለካኩም እንዲህ ነው። ከተጻፈው ንግግር ከመካከሉ 100 ቃል ቈጥራችሁ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወደ ሜዳ ወጥታችሁ ቁሙ፤ አንድ ጓደኛችሁ የእጅ ሰዓት ወይም የስልክ ሰዓት ይዞ በ30 እርምጃ ርቀት ይቁም። ለእርሱ በሚሰማው ድምፅ፤ በየነጥቡ እያረፋችሁ 100ውን ቃል አንብቡ። ይህንም ሦስት ጊዜ አድርጉት። ለምሳሌ መጀመሪያ 94 ሴኮንድ፤ ሁለተኛ 87 ሴኮንድ፤ ሦስተኛ 90 ሴኮንድ ቢሆን፤ መካከለኛውን 90ን ያዙ። እንግዲህ የዚህ ሰው ልክ 100 ቃል በ90 ሴኮንድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ንግግሩን በቤቱ ተቀምጦ በዓይኑ ብቻ ያነበዋል፤ ወይም በለሆሳስ ያነበንበዋል። ዓይን ከአፍ ይልቅ ይፈጥናል፤ በቤት ውስጥ የሚነገርም ቃል በሜዳ ከሚነገረው ይፈጥናል። በሜዳ ድምፅን ከፍ ማድረግና ቃሉ ከኋላ ለቆመው ሰው እስኪደርስ ማረፍ ስለሚያስፈልግ ጊዜው ይረዝማል። ስለዚህ በቤት የተለካ ልክ በጉባኤ አይታመንም።

2ኛ፤ ጊዜውን ወደ ቃል ስለ መለወጥ

የተፈቀደው 3 ደቂቃ 180 ሴኮንድ ነው። ነገር ግን 180ው ሴኮንድ ሁሉ ለቃል አይውልም። ተናጋሪው ሰላምታ ሲሰጥ ሕዝቡ ይመልሳል፤ ደስ ሲለው ያጨበጭባል፤ እጅ አንሡ ቢባል እጁን እስኪያነሣ ድረስ ይቈያል። ለዚህ ሁሉ 30 ሴኮንድ እንተውለት። ለቃሉ የሚቀረው 150 ሴኮንድ ይሆናል። 100 ቃል 90 ሴኮንድ የሚፈጅ ከሆነ፤ 150ን በ100 አባዝተን በ90 ስናካፍለው 166 ቃል እናገኛለን። እንግዲህ የዚህ ተናጋሪ ንግግር ከ166 ቃል ማለፍ የለበትም።

ቃሉን ስትቈጥሩ በየዐሥሩ ቃል ላይ በእርሳስ ጭረት አድርጉ። በቀድሞው አጻጻፍ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ስለሚገባ መለየቱ ይቀል ነበር፤ ዛሬ ግን ባዶው ቦታ ብቻ ስለሚለየው በጥንቃቄ መቍጠር ያስፈልጋል። ደግሞም አኃዝና አጭር ጽሕፈት እንደሚነበቡ እንጂ እንደ ተጻፉ አይቈጠሩም። «በ1933 ዓ.ም.» የሚለው በወረቀት ላይ ሁለት ቃል ይመስላል፤ ሲነበብ ግን «በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት» ይሆናልና ስምንት ቃል ነው። አምስት ዓመተ ምሕረት የጠራ ተናጋሪ ሳያውቀው 30 ቃል ጨምሯል።

3ኛ፤ የቃል ቍጥር የማይበቃበት ጊዜ

ቃል ሁሉ በርዝመቱ እኩል አይደለም። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

«ዶማ ወይም አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።»
«የሚያስፈልጉትንም መሣሪያዎች እያንዳንዳችሁ እንድታመጡልን በአክብሮት እናሳስባችኋለን።»

ሁለቱም ስድስት ስድስት ቃል ናቸው። ፊደላቸው ቢቈጠር ግን የመጀመሪያው 16፤ ሁለተኛው 47 ነው። ሁለቱን በአንድ ልክ የሚቈጥር ሰው ይሳሳታል። የእኛ ፊደል አንዱ ምልክት ከነድምፁ ስለሚቆም ፊደልን መቍጠር ድምፅን ለመቍጠር የቀረበ ነው። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ድምፁ ተውጦ ስለሚነበብ ቍጥሩ በትክክል አይገጥምም፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ሁለት ጽሕፈቶች ሲነጻጸሩ ስሕተቱ በሁለቱም ላይ ስለሚገኝ ብዙ አይጐዳም።

ማመሳከሪያውም እንዲህ ነው። በሰዓት የለካችሁት 100 ቃል 380 ፊደል ቢኖረው፤ የምትናገሩት ሌላ ንግግር ግን በ100 ቃል 456 ፊደል ቢይዝ፤ ይህ ከዚያ በአምስተኛ እጅ ይበልጣል። ስለዚህ 90 ሴኮንድ መሆኑ ቀርቶ 108 ሴኮንድ ይፈጃል። ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ግን መቍጠሩ አያስፈልግም። ከዚህ የምንማረው፤ ረዣዥም ቃላት ያሉበት ንግግር ቃሉ ሳይቀነስ በአጫጭር ቃል ቢተካ ብቻ ጊዜው እንደሚያጥር ነው።

4ኛ፤ ምሳሌ

አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ያደርጋል እንበል። አንዱ ወላጅ ስለ መንደሩ ምንጭ እንዲናገር 3 ደቂቃ ተሰጥቶታል። ከምንጩ በላይ የከብት ግጦሽ ስላለ ዝናብ ሲዘንብ እበቱ ወደ ውሃው ይገባል። ተናጋሪው የሚፈልገው ከየቤቱ አንድ ሰው ለሁለት ቀን መጥቶ ቦይ እንዲቈፍርና አጥር እንዲያጥር ነው። የጻፈው ንግግር 340 ቃል ሆነ፤ ክፍሉም ይህ ነው። ሰላምታ 62 ቃል፤ የምንጩ ታሪክ 88፤ ምስጋና 54፤ የውሃው ጉዳት 46፤ ልመናው 50፤ ምርቃትና ተረት 40።

አሁን በልኩ እንመዝነው። 340 ቃል 306 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ይህም 5 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ከልመናው በፊት 250 ቃል አለ፤ እርሱም 225 ሴኮንድ፤ ማለት 3 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይፈጃል። እንግዲህ ደወሉ የሚመታው ልመናው ሳይጀመር ነው። ተናጋሪው ምስጋናውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ይቀመጣል፤ ሕዝቡም ታሪክና ምስጋና ሰምቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ መድኃኒት የሚመስሉ ሁለት ስሕተቶችን ይሠራል። አንደኛው ፈጥኖ መናገር ነው፤ ፈጥኖ የተነገረ ቀንና ሰዓት ግን ከኋላ ለቆመው አይሰማም። ሁለተኛው ከመጨረሻው መቍረጥ ነው፤ በመጨረሻው ያለው ግን ልመናው ራሱ ነው።

ትክክለኛው አቈራረጥ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሰሚው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ይኸውም ማን፤ መቼ፤ የት፤ ምን ይዞ የሚለው ነው። ይህ ከንግግሩ ሁሉ በፊት ይቀመጣል፤ አይቈረጥምም። ቀጥሎ እያንዳንዱ የቀረ ዐረፍተ ነገር በዳሩ ላይ ምልክት ይደረግበት። ሰሚው ካልሰማው ሥራውን መሥራት የማይችልበት «ሀ»፤ ሥራውን እንዲወድድ የሚያደርገው ምክንያት «ለ»፤ ለማሳመሪያ ብቻ የገባው «ሐ» ይባል። ሲቈረጥ በመጀመሪያ «ሐ» ይሄዳል፤ ካልበቃም ከ«ለ» ደካማው ይሄዳል፤ «ሀ» ግን ይቀራል።

ከ«ሐ» የሆነውን አንዱን እንይ። ንግግሩ «ከሁሉ አስቀድሜ ዛሬ በዚህ በተከበረው ስብሰባ ላይ ተገኝቼ በፊታችሁ ቆሜ ይህን ንግግር ለማድረግ ዕድል ስለ ሰጣችሁኝ የተሰማኝን ከፍ ያለ ደስታ ልገልጽላችሁ እወዳለሁ» ይላል። ይህ 22 ቃልና 20 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ስለ ምንጩ ግን አንድም ነገር አልተናገረም። ከ«ለ» ደግሞ «እንደሚታወቀው ሁሉ በአሁኑ ጊዜ ውሃችን ንጹሕ ባለመሆኑ ምክንያት በልጆቻችን ጤንነት ላይ ልዩ ልዩ ችግሮች እየደረሱ መሆናቸው የማይካድ ነው» የሚለው 18 ቃል ነው። በእርሱ ፈንታ ከክፍሉ የስም መዝገብ በተቈጠረ ቍጥር ስንት ልጆች እንደ ቀሩ ቢነገር 11 ቃል ይበቃዋል፤ ሰሚውም የራሱን ልጅ ያስባል።

በአገራችን ንግግር ለመቍረጥ አስቸጋሪ የሆነው የሰላምታውና የምስጋናው ክፍል ነው። ስማቸው ያልተጠራ ሽማግሌዎች ቢያዝኑ ሥራው ይበላሻል። ስለዚህ ተናጋሪው ከስብሰባው በፊት ሊቀ መንበሩን ያነጋግር፤ የታላላቆቹን ስምና ማዕርግ ሊቀ መንበሩ ስብሰባውን ሲከፍት አንድ ጊዜ ይጥራ፤ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ከዚያ በኋላ «የተከበራችሁ አባቶች፤ እናቶች» ብቻ ይበሉ። እንዲህ ከሆነ ክብሩ አይጐድልም፤ ጊዜው ግን ይተርፋል።

5ኛ፤ የታረመው ንግግር

ከዚህ በታች ያለው በዚሁ ሥርዓት ታርሞ የቀረው ንግግር ነው። በየክፍሉ መጨረሻ የተጻፈው አኃዝ የቃሉ ቍጥር ስለ ሆነ አይነበብም።

የተከበራችሁ አባቶች፤ እናቶች፤ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የቆምሁት ስለ ምንጫችን አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። (15)

ከየቤቱ አንድ ሰው፤ በፊታችን ማክሰኞና ረቡዕ፤ ከጧቱ በአንድ ሰዓት ከምንጩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር እንዲገኝልን እንለምናለን። ዶማ ወይም አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ደግሞ አንድ ሸክም እሾህ ያምጣ። በሁለቱ ቀን የምንሠራው ሥራ ሁለት ነው። አንደኛ፤ ከምንጩ በላይ የጎርፍ መመለሻ ቦይ እንቈፍራለን። ሁለተኛ፤ ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን በእሾህ እናጥራለን። (47)

ይህን የምንለምንበት ምክንያት የታወቀ ነው። ዝናብ በዘነበ ቍጥር ጎርፉ ከግጦሹ ላይ እበቱንና አፈሩን ጠርጎ ወደ ምንጩ ያገባዋል። በዝናብ ወራት ይህን ውሃ የሚጠጡ ልጆቻችን በተቅማጥ ይታመማሉ፤ ከትምህርታቸውም ይቀራሉ። ባለፈው ሰኔ ከአንደኛ ክፍል ብቻ ዐሥራ አራት ልጆች ከሳምንት በላይ ቀርተዋል። (38)

ዝናቡ ሳይጀምር የቀረን ጊዜ ጥቂት ነው። መሬቱ ከራሰ በኋላ ቦዩ ቢቈፈር ይናዳል፤ ሰውም ወደ እርሻው ስለሚሄድ አይገኝም። (17)

ከዚህ በፊት ይህን ምንጭ ሲጠብቁልን የኖሩትን ሽማግሌዎች ሁሉ እናመሰግናለን። ድንጋዩን የካቡት፤ መንገዱንም ያወጡት እነርሱ ናቸው፤ እኛ የምንጨምረው ቦዩንና አጥሩን ብቻ ነው። (21)

እንግዲህ ቃሌን በዚሁ እፈጽማለሁ። ከየቤቱ አንድ ሰው፤ ማክሰኞና ረቡዕ፤ ከጧቱ በአንድ ሰዓት፤ ከዋርካው ሥር። የምትመጡ እጃችሁን አንሡልኝ፤ ጸሐፊው ስማችሁን ይመዘግባል። እግዚአብሔር ያክብርልን። (22)

ድምሩ 160 ቃል ነው። 160 ቃል 144 ሴኮንድ ይፈጃል፤ የተውነው 30 ሴኮንድ ሲጨመርበት 174 ሴኮንድ ይሆናል። እንግዲህ ከ3 ደቂቃው 6 ሴኮንድ ይተርፋል። ልመናው በ62ኛው ቃል ላይ ስላለቀ፤ ቃሉ ብቻ ቢቈጠር አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ደወሉ ቢመታ ሕዝቡ ቀኑንና ሰዓቱን ሰምቷል፤ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤው የሚጽፈው አግኝቷል።

የምስጋናው ክፍል ወደ መጨረሻው የሄደበት ምክንያት አለው። ይህ 21 ቃል 19 ሴኮንድ ያህል ስለ ሆነ፤ ጊዜ ቢያጥር ሊዘለል ይችላል። ስለዚህ በወረቀቱ ዳር ከእርሱ በላይ «2 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ካለፈ ዝለል» ተብሎ ይጻፍ። ተናጋሪው እዚያ ሲደርስ ሰዓቱን አንድ ጊዜ ይመልከት። በ2 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ቢዘልለው፤ የመጨረሻው ክፍልና እጅ የማንሣቱ ጊዜ 30 ሴኮንድ ስለሚፈጅ በ2 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ይፈጽማል። ባይዘልለው ግን ከደወሉ 9 ሴኮንድ ያልፋል።

6ኛ፤ ከመሄድ በፊት ስለ መፈተን

ሒሳቡ ያሳየውን ሰዓት ማረጋገጥ አለበት። ንግግሩ በሙሉ በሜዳ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይነበብ። ጓደኛው ሰዓቱን ብቻ አይያዝ፤ የወረቀቱን ግልባጭ ይዞ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ቃል በተሰማ ቍጥር ጭረት ያድርግ። ንግግሩ በልኩ ታርሞ ሳለ ጊዜው ቢያልፍ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ በአፍ የተጨመረ ቃል ነው። «እንግዲህ እንዳልኋችሁ»፤ «መቼም ሁላችሁም እንደምታውቁት» የሚሉት በልማድ ይገባሉ፤ ተረትም በድንገት ትዝ ይላል። ጭረቱ 20 ቢደርስ 18 ሴኮንድ ጠፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልማድ ያለው ሰው ከ166 ቃል ላይ ሌላ 20 ቃል ቀንሶ ይጻፍ፤ ልማዱን በአንድ ቀን ሊያስወግድ አይችልምና።

መልመጃ

ሀ፤ አንድ ተማሪ 100 ቃል በ75 ሴኮንድ ይናገራል። የተፈቀደለት 5 ደቂቃ ነው፤ ለሰላምታና ለዕረፍት 50 ሴኮንድ ይተዋል። ንግግሩ ከስንት ቃል ማለፍ የለበትም?

ለ፤ «በ1888 ዓ.ም.» የሚለው በንግግር ጊዜ ስንት ቃል ነው?

ሐ፤ የራሳችሁን 100 ቃል በሜዳ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ መካከለኛውን ጻፉ። ቀጥሎም ከላይ ያለው የ160 ቃል ንግግር በእናንተ ልክ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ አስቀድማችሁ አስሉ፤ ከዚያ አንብባችሁ ልዩነቱን ተመልከቱ። ልዩነቱ ከ10 ሴኮንድ ከበለጠ በ3ኛው ክፍል እንደ ተነገረው የሁለቱን ፊደል ቍጠሩ።

መልስ፤ ሀ፤ 333 ቃል። ለ፤ ስምንት ቃል።